የሕይወት መድን ለባለሱቅ፦ የመጀመሪያዋ ደቂቃ

«ሀዋሳ ውስጥ የሕይወት መድን ሽያጭ ወኪል ሆኜ ከጀመርኩ ጥቂት ወራት ሆነኝ። የምሸጠው አረቦኑ አነስተኛ የሆነውን ነው፤ ለባለሱቆች። አቶቴና መናኸሪያ አካባቢ ሱቅ ለሱቅ እዞራለሁ። ስገባ ‹ጤና ይስጥልኝ፣ ከእገሌ ኢንሹራንስ ነው የመጣሁት፤ ነገ ምን እንደሚገጥመን ስለማይታወቅ ለቤተሰብዎ ዋስትና የሚሆን የሕይወት መድን ይዤ መጥቻለሁ› እላለሁ። ሳልጨርስ ‹አንፈልግም› ይሉኛል። አንዱማ ‹ምን ታሟርትብኛለህ?› ብሎ ተቆጣ። ምን ብዬ ልጀምር?»

እስቲ መጀመሪያ ከባንኮኒው በዚያ በኩል ቆመህ ራስህን እየው። ባለሱቁ ስኳር እየመዘነ ነው። ቦርሳ ያንጠለጠለ፣ አንገቱ ላይ ባጅ ያደረገ ሰው ገባ። ባለሱቁ ገና አፍህን ሳትከፍት የሚጠረጥረው ነገር አለ። ወይ ከገቢዎች ነህ፣ ወይ ከንግድ ቢሮ፣ ወይ መዋጮ ልትሰበስብ ነው። ሦስቱም ገንዘብ ወይም ጣጣ ናቸው።

ቀጥለህ «ኢንሹራንስ» አልክ። ለብዙ ሰው ኢንሹራንስ ማለት የመኪና ሦስተኛ ወገን ነው። «መኪና የለኝም» ብሎ ሊሸኝህ ተዘጋጀ። ከዚያ «ነገ ምን እንደሚገጥመን» አልክ። ስምህን እንኳ የማያውቅ ሰው በጠዋቱ ሱቁ ገብቶ ሞት ሲያነሳበት ቢቆጣ ምን ይፈረድበታል? የሰውየው ቁጣ ምርትህን የሚመለከት አይመስለኝም። ምርትህ ምን እንደሆነ ገና አልሰማም።

ስለዚህ መግቢያህ ሁለት ሥራ ብቻ ይሥራ። አንደኛ፣ ማን እንደሆንክና ማን እንዳልሆንክ ባጭሩ ይንገር። ሁለተኛ፣ ባለሱቁን ስለ ሱቁ ያናግረው። ስለ ኩባንያህ ዕድሜ፣ ስለ ቅርንጫፎቹ ብዛት፣ ስለ ዋስትናው ዓይነት አሁን አታንሳ። እኔ ወኪሎችን ሳሠለጥን የምሰጠው መግቢያ ይህን ይመስላል፦

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። እገሌ እባላለሁ፣ የሕይወት መድን ሽያጭ ወኪል ነኝ። ፈቃዴ ይኸውና። ከግብርም ከንግድ ቢሮም አይደለሁም፤ ዛሬ ምንም ብር አልቀበልም። ስለ ሱቅዎ አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎት፤ ደንበኛ ከመጣ ዞር እላለሁ።»

«የሕይወት መድን» የሚለውን አልደበቅኩም፤ ልብ በል። አንዳንድ ወኪል «የቁጠባ ዕድል»፣ «የነጋዴዎች ፕሮግራም» እያለ ይገባል። በአምስተኛው ደቂቃ መድን መሆኑ ሲታወቅ ሰውየው የተታለለ ይመስለዋል፤ እውነቱን ነው። ፈቃድህንም ማሳየትህ ለጌጥ አይደለም። በመድን ሥራ አዋጅ ቁጥር 746/2004 መሠረት የመድን ወኪል ከብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ሳያወጣ መሥራት አይችልም። ባለሱቁ አዋጁን ላያውቅ ይችላል። ፎቶህ ያለበት ወረቀት ባንኮኒው ላይ ሲቀመጥ ግን ዓይኑ ወደዚያ ይሄዳል፤ ትከሻውም ትንሽ ይላላል።

«ብር አልቀበልም» ያልከው ደግሞ እውነት መሆን አለበት። በመጀመሪያው ቀን ምንም አትቀበል። የኩባንያህ አሠራር የሚፈቅድ ከሆነ በኋላም አረቦኑ በቀጥታ በኩባንያው የባንክ ሒሳብ ወይም በቴሌብር ይግባ፤ አንተ ደረሰኙን ብቻ አምጣ። «በእኔ እጅ አንድ ብር አያልፍም» ማለት ስትችል ግማሹ ጥርጣሬ ይወድቃል።

አሁን ወደ ጥያቄው። ዋናው ነገር እዚህ ነው፣ ሌላው ሁሉ መንደርደሪያ ነው።

«ጋሼ፣ የዱቤ ደብተርዎን ከእርስዎ ሌላ የሚያነበው ሰው አለ?»

ይህን ጠይቀህ ዝም በል። ለመሙላት አትቸኩል።

ይህ ጥያቄ ለምን ይሠራል? የትንሽ ሱቅ ሀብት መደርደሪያው ላይ ያለው ዕቃ ብቻ አይደለም። ትልቁ ድርሻ ባለሱቁ ጭንቅላት ውስጥ ነው። ደብተሩን ብትገልጠው «ቀዩ ባጃጅ 1,150»፣ «የጥግ ቤቷ 430»፣ «መምህሩ፣ እስከ ደመወዝ» የሚል ታገኛለህ። ቀዩ ባጃጅ ማን እንደሆነ እሱ ብቻ ነው የሚያውቀው። በሌላ በኩል ደግሞ የሻሸመኔው አከፋፋይ በቃል ብቻ ዕቃ ይለቅለታል። ያ መተማመን የባለሱቁ ነው፤ ለሚስቱ በውርስ አይተላለፍም።

ባለሱቅ ሲሞት የሚሆነውን የሰፈሩ ነጋዴ ሁሉ አይቷል። ሱቁ ለለቅሶ ይዘጋል። የሚያበድሩት በሳምንት ውስጥ ይመጣሉ፣ ደብተራቸው በደንብ የተጻፈ ነው። የሚበደሩት ግን ድምፃቸው ይጠፋል። የሱቁ አከራይ በወሩ መጨረሻ ይደውላል። ሚስትየዋ ያለውን ዕቃ በርካሽ አውጥታ ለአከፋፋዩ ትከፍላለች፤ ከዚያ መደርደሪያው ባዶ ነው፣ የምትሞላበት ብር የለም። በጥቂት ወራት ውስጥ ደህና ገበያ የነበረው ሱቅ ተከራይ ይቀይራል።

ይህን ታሪክ አንተ አትንገረው። ጥያቄህ እሱን እንዲያስታውሰው ያደርጋል። ብዙ ጊዜ የምትሰማው መልስ «ማን ያነበዋል፣ እኔ ነኝ እንጂ» የሚል ነው። አንዳንዱ ይስቃል። አንዳንዱ ደግሞ «እዚያ ማዶ የነበረው ልጅ ሲያርፍ…» ብሎ ራሱ ይጀምርልሃል። ይሄኔ ሞትን ያነሳው እሱ ነው፣ አንተ አይደለህም። ሟርት የሚባለውም ነገር አበቃ።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ወኪሎች ሞትን ላለመጥራት ብለው «ቢታመሙ»፣ «ሆስፒታል ቢገቡ» ይላሉ። ለጆሮ ይለሰልሳል። ግን አንተ የምትሸጠው ርካሹ ውል የጊዜ ገደብ ያለው የሕይወት መድን ከሆነ የሚከፍለው በሞት ነው። ተጨማሪ ሽፋን ካልተገዛ በቀር ለሕክምና አይከፍልም። «ቢታመሙ» ብለህ ከሸጥክ ሰውየው በዓመቱ ለኩላሊት ጠጠር የታከመበትን ደረሰኝ ይዞ ይመጣል። «አይከፈልም» ሲባል ደግሞ መንገዱ ሁሉ «ሌቦች ናቸው» የሚለውን ከእሱ ይሰማል። ስለዚህ ሞትን ጥራው፣ ግን በሦስተኛ ሰው። «አንድ ነጋዴ ሲያልፍ» በል እንጂ «እርስዎ ሲሞቱ» አትበል። የግድ ወደ እሱ ማዞር ካለብህ «አያድርገውና» ከፊቱ ትገባለች። ያቺን ሳትል ከጀመርክ ቁጣውን ራስህ ጠርተኸዋል።

አንድ ውይይት እንዳለ ላስቀምጥልህ። ከአቶቴ ገባ ያለ የሸቀጣሸቀጥ ሱቅ ነው። ባለቤቱ አርባ ግድም ነው፤ ሚስቱ ከሰዓት ትተካዋለች። ሰዓቱ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ተኩል ነው። መግቢያውን ብለኸዋል፣ የደብተሩንም ጥያቄ ጠይቀሃል።

«እኔ ነኛ። ማን ያነበዋል? ሚስቴም ጽሑፌ አይገባትም።»

«ዕቃውስ በዱቤ ነው የሚያመጡት ወይስ በካሽ?»

«ዘይትና ስኳሩ በዱቤ ነው። ከሻሸመኔ።»

«እንግዲህ አያድርገውና ሱቁ ያለ እርስዎ ቢቀር፣ መጀመሪያ የሚመጣው ማነው? የሚከፍልዎት ወይስ የሚጠይቅዎት?»

እዚህ ጋ አንዲት ልጅ ሳሙና ልትገዛ ትገባለች። ወደ ጎን ዞር በል። ከባንኮኒው ፊት ሙሉ በሙሉ ልቀቅ፤ ስልክህንም አትነካካ። መልስ እስኪሰጣት ጠብቅ። ልጅቷ ስትወጣ ቀድመህ አትናገር። እሱ ራሱ «ምን ነበር ያልከው?» ካለህ ሥራህ ሠርቷል ማለት ነው። ዝም ካለህና ካርቶን መደርደር ከጀመረ ጨርሰሃል፤ አመስግነህ ውጣ። ይህች ማቋረጥ ለአንተ መለኪያ ናት። ብዙ ወኪል እንደ ጠላት ያያታል።

«ምን ነበር ያልከው? አዎ፣ የሚጠይቀኝ ነው የሚቀድመው።»

«እኔ ይዤ የመጣሁት ነገር ለዚያን ጊዜ ለባለቤትዎ ጥሬ ብር የሚሰጥ ውል ነው። ስንት ቢሆን እንደሚበቃ አብረን እናሰላው? አምስት ደቂቃ ነው። ዛሬ ካልተመቸዎት በሌላ ቀን እመጣለሁ።»

መግቢያው እዚህ ያበቃል። ስለ ዋጋ ምንም አላልክም፣ ብሮሹርም አላወጣህም። ባለሱቁ ግን ችግሩን በራሱ አፍ ተናግሯል።

«ለባለቤትዎ» ያልኩትን አስተውል፤ «ዕዳዎን ይከፍልልዎታል» አላልኩም። የመድኑ ገንዘብ የሚከፈለው በውሉ ላይ በስም ለተጠቀሰው ተጠቃሚ ነው። በሕጋችን ተጠቃሚው በስም ከተመረጠ ገንዘቡ የውርስ ንብረት ውስጥ አይገባም። ስለዚህ አከፋፋዩ «የእኔ ነው» ብሎ ከመድኑ ላይ ሊወስድ አይችልም። ሚስትየዋ ብሩን ይዛ ዕቃ ሳትሸጥ ዕዳ ትክፈል ወይም ሱቁን ትሙላ፣ ውሳኔው የእሷ ነው። ተጠቃሚ ካልተጠቀሰ ግን ገንዘቡ ወደ ውርሱ ይገባል፤ የወራሽነት ማስረጃ፣ ፍርድ ቤት፣ ምልልስ ይከተላል። ይህን በሁለተኛው ጉብኝት ትነግረዋለህ። በመጀመሪያው ግን ቢያንስ የተሳሳተ ተስፋ አትስጥ።

አሁን ሒሳቡን እንየው፤ እዚያው ባንኮኒ ላይ በካርቶን ቁራጭ የሚሠራ ነው። ሰውየው ለሻሸመኔው አከፋፋይ 60,000 ብር፣ ለከተማው ጅምላ 32,000 ብር አለበት እንበል። የሱቅ ኪራይ በወር 7,000 ነው፤ ሚስትየዋ እስክትረጋጋ የስድስት ወር 42,000 ያዝ። የቤት ወጪ በወር 14,000፣ ለአንድ ዓመት 168,000። ድምሩ 302,000 ይመጣል። 300,000 ብለህ ክበበው። እሱ ለሰፈሩ የሰጠው ዱቤ 38,000 ብር አለ። «እሱን ቀንስልኝ» ሊልህ ይችላል። አትቀንስ። ያ ነው መጀመሪያ የሚጠፋው ብር፤ ደብተሩን የሚያነብ እንደሌለ አሁን ነግሮሃል።

አረቦኑን ለማሳየት ለምሳሌ ብቻ በሺህ 6 ብር እንውሰድ። የአንተ ኩባንያ ተመን በዕድሜና በጤና ይለያያል፤ የራስህን ሰንጠረዥ ተጠቀም። 300,000 በ6 ሲባዛና ለ1,000 ሲካፈል 1,800 ብር ነው፣ በዓመት። እዚህ ላይ «በቀን አምስት ብር ናት፣ የሻይ እንኳን አትሆንም» ማለት ያምርሃል፤ ሁሉም ወኪል ይላታል። እኔ አልወዳትም። ኩባንያህ በየቀኑ አምስት ብር አይሰበስብም። የሚጠይቀው በዓመት 1,800 ነው፣ ወይም በሩብ ዓመት። ነጋዴ ደግሞ ሒሳብ ያውቃል፤ በአንዴ የሚወጣውን ብር ነው የሚያስበው። መጀመሪያ የዓመቱን ንገረውና ቀጥለህ «እቁብዎ መቼ ይደርስዎታል?» በለው። እቁብ የሚወጣበትን ወር ይነግርሃል፤ የክፍያውን ቀን እዚያ ጋ ታስጠጋዋለህ። በአነስተኛ አረቦን ትልቁ ችግር ሁለተኛው ዓመት ላይ አለመክፈል ነው። አረቦኑ ካልተከፈለ ዋስትናው ይቋረጣል፤ ሰውየው ግን «ኢንሹራንስ አለኝ» እያለ ይኖራል።

ባለሱቁ በዚህ መሐል የሚያነሳቸው ሦስት ነገሮች አሉ፤ አንዳንዴ በመጀመሪያዋ ደቂቃ ውስጥ።

«እድር አለኝ» ይልሃል። እድርን ዝቅ አድርገህ ከተናገርክ በሩ ጋ ደርሰሃል። እድሩ የሰውየው ክብር ነው፣ ምናልባትም ዳኛው እሱ ነው። «ጥሩ ነው፣ እድርዎን አይተዉ» በለው፣ ከልብህ። ከዚያ «እድሩ ለቅሶውን ያነሳል። አከፋፋዩ በሚመጣበት ሳምንትስ?» ብለህ ጠይቅ። ተጨማሪ አያስፈልግም።

«ከብድሩ ጋር ኢንሹራንስ ተቆርጦብኛል» የሚልህም አለ። ይህ ብዙ ወኪል የማያውቀው ነው። ከማይክሮፋይናንስ የተበደረ ነጋዴ ብዙ ጊዜ የብድር ሕይወት መድን ይገባል። እሱ ልክ ነው፣ መድን አለው። ግን ያ መድን የሚከፍለው ለአበዳሪው ነው፤ የቀረውን ብድር ይዘጋል፣ ቤተሰቡ እጅ ብር አይገባም። ብድሩ ሲያልቅ መድኑም አብሮ ያልቃል። «እሱ የእነሱን ብድር ይሸፍናል፤ የሻሸመኔውን አይሸፍንም» ብትለው በአንዴ ይገባዋል። ያንን ብድር በአንተ ሒሳብ ውስጥ አስገብተኸው ከሆነ ግን ቀንስለት፤ ሁለቴ አታስገዛው።

ሦስተኛዋ ግን ከሁሉም የከበደች ናት፦ «ካልሞትኩስ? ብሬ ይመለሳል?»

ቀጥታ መልስ፦ «አይመለስም ጋሼ። ይሄኛው ውል እንደ ጥበቃ ክፍያ ነው። ዓመቱ በሰላም ካለፈ ብሩ አልፏል።» ብሎ መናገር ያስፈራል፣ አውቃለሁ። ግን የሱቅ ዘበኛ ቀጥሮ የሚያሳድር ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል፤ ሌባ ባልመጣበት ወር የዘበኛውን ደመወዝ መልስልኝ አይልም። ብር የሚመለስበት የቁጠባ ዓይነት የሕይወት መድንም አለ። ለተመሳሳይ 300,000 ብር አረቦኑ ብዙ እጥፍ ይሆናል። ሁለቱንም ንገረውና «ለእርስዎ ችግር ግን የመጀመሪያው ይበቃል» በለው፣ የምር ይበቃል ብለህ ካሰብክ። ኮሚሽኑ የሚበልጠውን ውል ገፍተህ ከሸጥክለት በሁለተኛው ዓመት መክፈል ያቅተዋል። አንዳንዱ ደግሞ «አንተ ስንት ታገኛለህ?» ብሎ ፊት ለፊት ይጠይቃል። «ኩባንያው ኮሚሽን ይከፍለኛል» ብለህ መልስ። ነጋዴ ነው፣ ትርፍ ነውር አይደለም ለእሱ።

ሃይማኖትም ይነሳል። «ሕይወቴ በእግዚአብሔር እጅ ነው» የሚልህን አትከራከር፤ «አሜን፣ በእሱ እጅ ነው። እኔ የማወራው ስለ ደብተሩ ነው» ብለህ እለፍ። ሙስሊም ባለሱቅ በወለድና በቁማር ምክንያት አይሆንልኝም ካለህ ደግሞ ነገሩ ሰበብ ላይሆን ይችላል፣ የእምነት ጉዳይ ነው። በሸሪዓ መርህ የሚሠራ ታካፉል የሚባል የመድን ዓይነት በአገራችን ተፈቅዷል። ኩባንያህ የታካፉል መስኮት ካለው ንገረው፣ ከሌለው እንደሌለው ንገረው። የራስህን ውል በሌላ ስም ጠርተህ አትሽጥለት።

«ሲቀበሉ እንጂ ሲከፍሉ አላየንም» ለሚልህ ብሮሹር አይረዳህም። ቦርሳህ ውስጥ ባዶ የካሳ መጠየቂያ ቅጽ ይዘህ ዙር። ባንኮኒው ላይ ዘርጋና ምን ምን እንደሚጠየቅ በጣትህ አሳየው፦ ከወሳኝ ኩነት የሚሰጠው የሞት ምስክር ወረቀት፣ የመድን ውሉ፣ የተጠቃሚዋ መታወቂያ፣ እንደ ሁኔታው የሐኪም ማስረጃ። ሰው የሚያምነው መጨረሻውን ሲያይ ነው። እግረ መንገድህንም «ባለቤትዎ ይህ ወረቀት የት እንዳለ ማወቅ አለባት» ማለት ትችላለህ። ያኔ ሚስትየዋን ወደ ውይይቱ አመጣሃት።

ይህን ያነሳሁት «ሚስቴን ላማክር» የሚለውን ብዙዎቻችሁ እምቢታ አድርጋችሁ ስለምትወስዱት ነው። ጥሩ ምልክት ነው። «በጣም ጥሩ፣ እሷ ባለችበት ብመጣ ይሻላል፤ ከሰዓት 8 ሰዓት ነው የምትገባው?» በል። ገንዘቡን የምትቀበለው እሷ ናት፣ ጥያቄዋም ከእሱ የበረታ ነው። እውነተኛው እምቢታ «ወረቀቱን ተውልኝና አየዋለሁ» የሚለው ነው። ያ ወረቀት ምስር መጠቅለያ ይሆናል። ተወው፣ ግን ቀን አትቁጠርበት።

በመግቢያው ውስጥ ማለት የሌለብህ አንድ ነገር አለ፦ «ምርመራ የለውም፣ ዝም ብለው ይፈርማሉ።» ቅጹ ላይ የጤና ጥያቄዎች አሉ። ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበትን ሰው «የለም በለው፣ ይለፍ» ያልክ ቀን ሚስቱን ጎድተሃታል። በንግድ ሕጉ መሠረት ሆን ተብሎ የተደበቀ ወይም በሐሰት የተሞላ መረጃ ውሉን ያፈርሰዋል። ኩባንያው ይህን የሚያገኘው ካሳ ሲጠየቅ ነው፣ ባለሱቁ መልስ መስጠት በማይችልበት ጊዜ። ደም ግፊቱን ይጻፍ። አረቦኑ ትንሽ ይጨምር ይሆናል፣ ወይም ኩባንያው አልቀበልም ይላል። ሁለቱም ከዚያኛው ይሻላሉ።

ስለ ሰዓት በአጭሩ። ሱቅ ሲከፈት አትግባ። ባለሱቅ የቀኑን የመጀመሪያ ሽያጭ ሳያይ የሚመጣን ጠያቂ አይወድም። ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ተኩል፣ ወይም ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ፀሐዩ ሲከር ገበያው ይቀዘቅዛል። ከ11 ሰዓት በኋላ ሰው ከሥራ ሲመለስ ደግሞ ቆመህ ማየት ብቻ ነው። ሐምሌ የግብር ወር ነው፤ ባጅ ያደረገ ሰው ማየት አይፈልጉም። መስከረም የትምህርት ቤት ክፍያ አለ። ለመግባት ብለህ ውኃ መግዛትህም ለውጥ አያመጣም፤ ከገዛህ ግን ከፍለህ ጠጣ፣ ለወሬ ማስጀመሪያ አታድርገው። ሲዳሙ አፎ ወይም ወላይትኛ የምትችል ከሆነ ሰላምታውን በባለሱቁ ቋንቋ አድርገው። የማትችለውን ግን ለማስመሰል አትሞክር፤ ይታወቃል።

ሱቁ ውስጥ ያገኘኸው ተቀጣሪ ልጅ ከሆነ መግቢያውን አታባክንበት። ልጁ ማታ ለጌታው የሚያደርሰው «አንድ የኢንሹራንስ ሰውዬ መጥቶ ነበር» ብቻ ነው፤ ሰውየው ደግሞ ሳያይህ «አንፈልግም በለው» ይላል። ባለቤቱ የሚገባበትን ሰዓት ጠይቀህ፣ ለምን እንደመጣህ ሳትዘረዝር ሂድ። በዚያ ሰዓት ተመለስና ከፈቃድ ወረቀትህ ጀምር።